«ደወሉ» ያልኩት ማንን ነው?

ባለፈው ክረምት አልጋዬ ስር የነበረው ካርቶን ሻገተብኝ። ጂማ ለሚኖር ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። እዚህ ዝናቡ ሲገባ ጫማውም ቀበቶውም ይሻግታል፤ ቁም ሳጥን ከግድግዳው ትንሽ ካልራቀ ጀርባው አረንጓዴ ይሆናል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ግን ጫማ አይደለም። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ውሎዬን የጻፍኩባቸው 11 ደብተሮች ናቸው።

አውጥቼ በረንዳ ላይ ዘረጋኋቸው። ፀሐይ ላይ አይደለም። የራሰ ወረቀት ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ይጨማደዳል፤ ጥላና ንፋስ ነው የሚሻለው። በየአስር ገጹ መሃል ሶፍት እያስገባሁ፣ ሶፍቱ ሲርስ እየቀየርኩ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ሻጋታውን ቶሎ ልጥረግ ብሎ መቸኮልም አያዋጣም፤ እርጥብ እያለ ከነኩት ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲደርቅ ግን በብሩሽ ይራገፋል። በተለመደው እስክሪብቶ የጻፍኩት ሁሉ ተርፏል። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃ ብዙም አይደፍረውም። አንድ ሰሞን ፋሽን መስሎኝ በጄል እስክሪብቶ የሞላሁት ደብተር ግን ሰማያዊ ደመና ሆኗል። ሄዷል በቃ።

ሶፍት እያስገቡ አለማንበብ አይቻልም። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ የተጻፈ አንድ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ማታ ደወሉ። ያንን ነገር አነሱብኝ። ዝም አልኩ። ከዘጉት በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ከዚያ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ አለ፤ «መናገር ነበረብኝ» የሚል ዓይነት ነገር። አለቀ።

ማን ናቸው የደወሉት? «ያ ነገር» ምንድን ነው? እጅ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ሌሊቱን ያልተኛሁት እኔ ነኝ። ግን ምንም አላስታውስም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሰው ደብተር ደጋግሜ አነበብኩት።

እንዴት እንደዚህ መጻፍ እንደጀመርኩ ግን በደንብ አውቃለሁ።

10ኛ ክፍል እያለሁ፣ በ2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ እማዬ ደብተሬን አነበበች። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ከሰዓት ቡና ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበው እያሉ ስኒ እያቀበለችኝ «የአጂፑ ልጅ ደህና ነው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ስለ አጂፕ ሰፈሩ ልጅ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ የጻፍኩት ደብተሬ ላይ ብቻ ነው። ስኒው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ መጻፍ አላቆምኩም። ብዙ ሰው ያቆማል፤ እኔ ዘዴ ፈለግኩ። አማርኛ ደግሞ ለሚደበቅ ሰው ችግር አለበት። ግሱ ያጋልጣል። «ደወለ» ካልኩ ወንድ ነው፣ እማዬ «ማነው?» ትላለች። «ደወለች» ካልኩ ውሸት ነው፤ ለራሴ ደብተር መዋሸት ደግሞ ያኔ ገና አልለመደብኝም ነበር። መሃሉን አገኘሁት፦ «ደወሉ»። በአንቱታ። ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ አይታወቅም። የሰፈር ሽማግሌም፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርም፣ የአጂፑ ልጅም ሁሉም «ደወሉ»፣ «መጡ»፣ «ተናገሩኝ» ሆኑ። የ16 ዓመት ልጅ ፍቅረኛዋን አንቱ እያለች ትጽፋለች ማለት ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ሁለተኛው ዘዴ ስም አለመጥራት ነው። «ያ ነገር»፣ «የባለፈው ጉዳይ»፣ «እዚያ ቤት»። ሦስተኛው እንግሊዝኛ ነው። ነገሩ ሲከብድ ብዕሬ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ግን እኔም በእንግሊዝኛ አላለቅስም። አስር ቃል ብቻ ባለኝ ቋንቋ ስለ ትልቅ ሐዘን ስጽፍ ሐዘኑም አስር ቃል ብቻ ሆነ።

በዚህ ብቸኛ አይደለሁም። የለንደኑ ሳሙኤል ፒፕስ ከ1660 እስከ 1669 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዝነኛ የቀን ውሎ ሙሉውን ማለት ይቻላል በአጭር ጽሕፈት ነው፤ ያኔ ጸሐፊዎች ለፍጥነት የሚማሩት የምልክት ጽሕፈት ነበር። ይሄ አልበቃውም። ስለ ሴቶች ሲጽፍ እዚያው ምልክት ውስጥ ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ይደበቃል። ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ሌላ ቁልፍ እንደማለት። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ተማሪ ምልክቶቹን ለመፍታት ሦስት ዓመት ገደማ ለፋ። የሚያስቀው፣ የጽሕፈቱ ማስተማሪያ መጽሐፍ ራሱ ፒፕስ ለአንድ የካምብሪጅ ኮሌጅ በተወው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ልጁ አላወቀም እንጂ። የፒፕስ ድብቅ ጽሑፍ መፍቻ ነበረው። የኔ «ደወሉ» ግን መፍቻው ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነበር፣ እሱም በስምንት ዓመት ጠፋ። እማዬን አታለልኩ ብዬ ራሴን ነው ያታለልኩት።

ደብተር ላይ ሌላም የሚሞከር ነገር አለ፤ ገጽ መቅደድ። እኔም ቀድጃለሁ። የማይረባ ዘዴ ነው። 50 ቅጠል ያለው ተራ ደብተር ማለት 25 ወረቀት መሃል ላይ ታጥፎ በሽቦ የተሰፋ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል በሌላኛው ጫፍ መንታ አለው። 8ኛውን ቅጠል ሥሩ ድረስ ከቀደድሽ 43ኛው ከሽቦው ይለቅና ይወድቃል። እናት ደግሞ ቤት ስትጠርግ የወደቀ ባዶ ወረቀት ታገኛለች። መንታው እንዳይወድቅ ትንሽ ትተሽ ከቀደድሽ ደግሞ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝ ይቀራል፤ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ነበር» ይላል። ተጭኖ ለሚጽፍ ሰው ይባስ ብሎ ከስሩ ያለው ገጽ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይታተማል፤ እርሳስ ጎን ለጎን አድርገሽ በስሱ ስታሻሺበት ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይሄን ታናሽ ወንድሜ ነው ያሳየኝ፣ በራሴ ደብተር ላይ። ያኔ ዕድሜው ዘጠኝ ነው።

እና ስልክ ስገዛ እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጉግል ኪፕ የሚባለው የማስታወሻ አፕ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ስልኬ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን ማንም አያውቅም። ሦስት ወር ያህል እንደ ጉድ ጻፍኩ። ስም በስም፣ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ብዬ። ስለ መሥሪያ ቤቴ፣ ስለ አባቴ ህመም፣ ስለ አንድ ሰው። በተለይ ስለ አንድ ሰው። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም፣ በአውራ ጣቴ። እንደዚያ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አዲስ ስልክ ገዛሁና አሮጌውን ለወንድሜ ሰጠሁት። ሲሙን አወጣሁ፣ ፎቶዎቹን አጠፋሁ፣ ቁልፉን አነሳሁ። በቃ አጽድቻለሁ ብዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ እዚሁ ጂማ መርካቶ ውስጥ ሽንኩርት እያስመዘንኩ የምገዛውን ልይ ብዬ ኪፕን ከፈትኩ። ከላይ አዲስ ማስታወሻ ተቀምጧል፦ «ኬሚስትሪ አሳይመንት ሰኞ። ቡድን 4።» እኔ ተማሪ አይደለሁም። ስልኬ ተበላሸ ብዬ አሰብኩ። ሽንኩርቱን የምትመዝነው ልጅ «እህቴ፣ ሁለት ኪሎ ነው ያልሽው?» ትለኛለች፣ እኔ አልሰማም። ገባኝ። አሮጌው ስልክ ላይ አካውንቴ አልወጣም። ወንድሜ ኪፕን ከፍቶ ጻፈ፣ የሱ ጽሑፍ እኔ ጋ መጣ። የሱ እኔ ጋ ከመጣ የኔ ሦስት ወር ሙሉ እሱ ጋ አለ።

እዚያው ቆሜ `myaccount.google.com` ገባሁ። የደህንነት ክፍሉ ውስጥ አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። አሮጌው ስልክ ቁጭ ብሏል። ሥራዬ ነው ብሎ። አስወጣሁት፣ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ስልክ ለሰው ከመስጠት በፊት መደረግ ያለበት ይሄ ነበር፤ መጀመሪያ አካውንቱን ከስልኩ ማውጣት፣ ከዚያ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ። ፎቶ ማጥፋት ማጽዳት አይደለም። ስልክ ሲገዛ ባለሱቁ የከፈተላችሁ አካውንት ካለም ያው ነው። የይለፍ ቃሉን እሱም ያውቀዋል።

ቤት ገብቼ ወንድሜን ያዝኩት።

«ስልኩ ላይ የኔን ማስታወሻ አንብበሃል?»

«የቱን?»

«ኪፕ ላይ ያለውን።»

«እኔ አሳይመንቴን ነው የጻፍኩት። ወላሂ።»

የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ወላሂ ይላል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፤ ስለዚህ መሐላው ብዙ አይነግረኝም። ስልኩም አይነግረኝም። ኪፕ ማን ምን ከፍቶ እንዳነበበ አይመዘግብም። ወረቀት ቢያንስ ይሄን ይናገራል። ደብተሬን ካስቀመጥኩበት ዞሮ ካገኘሁት፣ ሽፋኑ ላይ ያኖርኩት ክር ከወደቀ፣ የዘይት ጣት ካረፈበት አውቃለሁ። ስልክ ላይ የተነበበና ያልተነበበ አንድ ናቸው። ያወቅኩት ወንድሜ ስለጻፈ ነው። ዝም ብሎ ቢያነብ ኖሮ ዛሬም አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ወንድሜ በፊት ስለዚያ ሰው ይጠይቀኝ ነበር፣ «ለምን ቤት አይመጣም?» እያለ። ከሆነ ጊዜ ጀምሮ መጠየቅ አቁሟል። መቼ እንዳቆመ ለማስታወስ ብዙ ሞክሬ አልቻልኩም።

ከዚያ ቁልፍ ፍለጋ ገባሁ፣ እንደማንኛውም የተነደፈ ሰው። መጀመሪያ ያወረድኩት ባለ አራት አኃዝ ቁልፍ ያለውን የማስታወሻ አፕ ነው፤ የሚያምር፣ አበባ ያለው። ቀስ ብሎ የገባኝ ነገር፣ እንዲህ ያለ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በር ብቻ ነው። አፑ ሲከፈት ቁጥር ይጠይቃል እንጂ ጽሑፉ ራሱ ከውስጥ እንዳለ ነው፤ ወደ ድራይቭ ሲቀመጥም እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ የሚባለው ሌላ ነው። እዚያ ጽሑፉ ከስልክሽ ሳይወጣ ወደማይነበብ ነገር ይቀየራል፣ መፍቻው አንቺ ጋ ብቻ ነው፣ የአፑ ባለቤቶችም ማንበብ አይችሉም። ስታንዳርድ ኖትስ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ዋጋውም ያው ነው፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳሽ የሚያድንሽ የለም። «ረስቼዋለሁ» የሚለውን ተጭነሽ ጽሑፍሽን የምታስመልሺበት ነገር አይደለም። እንደኔ «ደወሉ»፣ መፍቻው ከጠፋ ጠፋ።

ወደዚያ ልቀይር ስል ግን ቆም አልኩ። የምፈራው ማንን ነው? ካሊፎርኒያ ያለ መሐንዲስ ስለ አባቴ ህመም ቢያነብ እኔ ምኔ ይነካል? አብሮኝ ቡና አይጠጣም። (መንግሥት ወይም ፖሊስ ለሚፈራ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፣ እሱን አላቃልልም።) እኔ የምፈራው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ የሚተኙ ሰዎችን ነው። እነሱ ደግሞ ምስጠራ አይሰብሩም። ሶፋ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብለው ቁጥሩን ስነካ ያያሉ። ወይም «እስቲ ስልክሽን አንዴ፣ ልደውልበት» ይላሉ፤ እናት ስልክ ስትጠይቅ ማን ይከለክላል? ኪቦርዱም ያሳብቃል። ደጋግመሽ የጻፍሽውን ይማራል። አንድ ቀን እማዬ በኔ ስልክ ለአክስቴ መልእክት አስጽፋኝ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ስነካ የዚያ ሰው ስም ከላይ ብቅ አለ። ሙሉ ስሙ፣ ሦስቱ አማራጮች መሃል። ማስታወሻው የቱንም ያህል ቢቆለፍ ጣቴ የለመደው ስም ከቁልፉ ውጭ ነበር።

ቁልፉ እየጠነከረ ሲሄድ ጽሑፌ መልሶ ነፃ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። የተመሰጠረው አፕ ላይ የጻፍኩትን ሳየው ያው «ደወሉ» ነው።

እና አንድ ነገር ሞከርኩ። ባለፈው ኅዳር ነው። አጎቴ 20,000 ብር አበድሪኝ ብሎኝ ሰጠሁት። ያን ማታ ያንኑ ውሎ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። አንዱን ደብተሬ ላይ፣ ሊቀመጥ። ሌላውን ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ ሊቃጠል። እሳቱን ሳልለኩስ ጎን ለጎን አነበብኳቸው።

ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ «አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ሱቁን ሊያስፋፋ ስለፈለገ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልጅ እያለሁ ብዙ ውለታ ስለዋለልኝ ሰጠሁት። እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክለት።»

ብጣሹ፦ «እምቢ ማለት ፈራሁ። ብሩ ለቤት ኪራይ ቀብድ ነበር፤ ከዚህ ቤት ልወጣበት። አይመልስም። ባለፈውም አልመለሰም። እማዬ ሳሎን ሆና እየሰማች ነበር፣ ዝም ያለችው እንድሰጥ ነው። ተናድጃለሁ፤ በሱ ሳይሆን በሷ።»

የደብተሩ ውሸት የለበትም። አጎቴ ውለታ ውሎልኛል፣ ሱቅም አለው። ግን አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ተሰካ፦ «የእማዬ ታናሽ ወንድም»። ለማን ነው የማስረዳው? አጎቴ ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም? ለራሱ የሚጽፍ ሰው አጎቱን ለራሱ አያስተዋውቅም። እዚያ ገጽ ላይ ሌላ አንባቢ ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ የምፈልገው ይሄን ነው። የማውቀውን ነገር የማብራራበት ቦታ፣ ሳልጠየቅ «ስለ» እያልኩ ምክንያት የምደረድርበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ በምርቃት የምዘጋበት ቦታ። ብጣሿ ላይ አንድም «ስለ» የለም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀን በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው አስጽፏል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወደ ሐኪም መሄድ የቀነሱት ሁኔታውንም ስሜቱንም አንድ ላይ የጻፉት ነበሩ። የሆነውን ብቻ የዘረዘሩት ያን ያህል አልተጠቀሙም። የኔ ደብተር ለዓመታት የሆነውን ብቻ ነው የዘረዘረው፤ ያውም በአንቱታ።

ብጣሿን የቡናው ከሰል ላይ ጣልኳት። ይሄ ዘዴ ይሠራል፤ ሊቃጠል መሆኑን አስቀድሜ ካወቅኩ እጄ አይፈራም። ግን የራሱ ቅጣት አለው። ከዚህ በላይ የጻፍኩትን የብጣሿን ቃል ያገኘሁት ከማቃጠሌ በፊት ስለገለበጥኩት ነው። ከዚያ በፊት ያቃጠልኳቸው ሰባት ስምንት ወረቀቶች ላይ ምን እንደነበረ ዛሬ አላውቅም። «ደወሉ»ን እንደማላውቀው ሁሉ።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው፤ ጥሩ ነው አልልም። መጀመሪያ ብጣሽ ላይ እጽፋለሁ። በማግስቱ፣ ንዴቱ በረድ ሲል፣ ከሱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወደ ደብተር እገለብጣለሁ፤ ሲነበብ የሚያስፈራኝን መርጬ። ስም በስም፣ ግሱን በትክክለኛው ፆታ። የቀረው ይቃጠላል። አንዳንዴ መገልበጡን እፈራና ሁለት ቀን ይቆያል። አንዳንዴ ጨርሶ ይቀራል።

ወደዚያ በረንዳ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ደብተሮቹ እንደተዘረጉ ዝናብ አስገመገመ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ስወጣ እማዬ በርጩማዋን ስባ መሃላቸው ቁጭ ብላለች። አንዱን ደብተር ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሶፍቱን እያወጣች በደረቅ ትቀይራለች። ገጹን ገለጥ፣ ሶፍት፣ ገለጥ፣ ሶፍት።

በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እሷ ቀና አላለችም።

«መነጽሬን አላደረግኩም» አለች። «ነይ ያንን ከጫፍ ያለውን አንሺው፣ ሊመታው ነው።»

አነሳሁት። አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብረን ጨረስነው። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር።